ሁለተኛ አላየውም

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሁለት መቶ አሥራ አራት ይጠብቀኝ ነበር። ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ቢሆንማ «ነገ ኑ» ብዬ እመልሰው ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሪፖርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አህመዲን ከጅዳ ሲመለስ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ቤት ከፈተ። ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ ይጭናል። ከዚያ ጎን ለጎን ፌስቡክ ላይ ግሩፕ አለው፤ ዐረብ አገር ያሉ የእኛ ልጆችና እዚህ የቀረ ቤተሰብ የሚገናኙበት። ከማሻም፣ ከደጎሎም፣ ከአቀስታም ሃያ ሺህ ሰው ገብቶበታል። ሃያ ሺህ ሰው ባለበት ደግሞ የሚለጠፈው ሁሉ ሰላምታ አይደለም። የሞተ ሰው ፎቶ ይለጠፋል፤ የምትደበደብ ልጅ ቪዲዮ ይለጠፋል፤ ስድብ፣ የሃይማኖት ጠብ፣ «በሁለት ሳምንት እናስገባለን» የሚል የደላላ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ያየው ሰው ካልወደደው ሪፖርት ይጫናል። የተጫነው ሁሉ ተሰልፎ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ አንድ በአንድ አየዋለሁ፤ ወይ እተወዋለሁ፣ ወይ እሰርዘዋለሁ፣ ወይ የለጠፈውን ሰውዬ ጭምር አባርረዋለሁ። ስሜ ፈርሂያ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ስድስተኛ ላይ ቆሟል። ግን ሃያ ሺህ ሰው የሚያየው እኔ ይለፍ ያልኩትን ነው። ትንሽ ብኮራ ማን ይከለክለኛል?

ከእኔ በፊት ሥራው የእናኑ ነበር። እናኑ ጎበዝ ነበረች፤ ችግሯም እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ያልጨረሰችውን በስልኳ ቤት ይዛ ትሄዳለች፣ አልጋ ላይ ሆና ታያለች፣ ለማረጋገጥ ብላ ሦስቴ አራቴ ታያለች። በዓመቷ ሥጋ መብላት ተወች። ሻሽ ያሰረች ሴት ከኋላዋ ስታይ «ያቺ የቪዲዮዋ ናት» ብላ ትደነግጣለች። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትታው ወጣች፣ በዚያው ቀረች። አሁን ከሱቁ ፊት ለፊት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ትሸጣለች። ሱቁ ውስጥ ግን በሞቷ አትገባም።

እኔ ስጀምር ካርቶን ቀዳ ሕግ ጻፈችልኝ። ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ድምፅ አይከፈትም። መጀመሪያ ሰው ከሥሩ የጻፈው ይነበባል፤ ግማሹ ጊዜ ምን እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል፣ ምስሉን ማፍጠጥ አያስፈልግም። ቪዲዮ ከሆነ ለመወሰን የሚበቃውን ያህል ብቻ ይታያል። ሞት ካለበት ከመሰረዙ በፊት የለጠፈው ስም፣ ቀኑና አገሩ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ከተሰረዘ በኋላ ወሬ ብቻ ነውና የሚቀረው። ሃምሳ ደቂቃ ተሠርቶ ዐሥር ደቂቃ ውጭ። ሥራው ቤት አይሄድም። ከሁሉ በታች በትልቁ፦ ሁለተኛ አይታይም። የግድ መታየት ካለበት ሌላ ሰው ያየዋል።

በዚያ ካርቶን ነው የምኖረው። እናኑን ያደረጋት እኔን አያደርገኝም ብዬ ምያለሁ።

*

የዚያን ማክሰኞ ሰልፉ እንዲህ የረዘመው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳዑዲ «ወረቀት የሌለው ሳይታሰር ይውጣ» ብላ የሰጠችው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበርና ሁሉም ይጮሃል። ሁለተኛ፣ እሑድ ማታ አንድ ቪዲዮ ተለጥፏል። ወጥ ቤት ወለል ላይ የወደቀች ልጅ። ከሥሩ «የወሎ ልጅ፣ ሪያድ» ይላል፣ ሌላ የለም። ስልሳ ሦስት ሰው ሪፖርት አድርጎታል። ሰኞ በሕጌ መሠረት አየሁት፤ ድምፁ ተዘግቶ፣ ስክሪኑ ደብዝዞ፣ መስመሯን እየጎተትኩ አራት ቦታ ላይ ብቻ። ፊቷ አይታይም። ሰማያዊ ልብስ፣ ቢጫ ሻሽ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ሪያድ ሆኖ የእኛን ልጆች ለሚያፈላልግልን ሰዋችን ላክሁ፣ ሰረዝኩት። ሰው ግን ቀድሞ አውርዶታል፤ እየመላለሰ ይለጥፈዋል፣ እኔም እየመላለስኩ እሰርዘዋለሁ። ገና ጥግ ላይ ሻሿን ሳይ እጄ ይሰርዛል። ማጫወት የለም።

አህመዲን ሦስት ሰዓት ላይ ገባና ከጀርባዬ ቆመ።

«ስንት ቀረ?»

«አንተ ከቆምክብኝ ሁለት መቶ። ከሄድክ መቶ ሰማንያ።»

«ፈርሂያ፣ ቀልዱን ተይ። ሰልፉ ከተከማቸ ፌስቡክ ግሩፑን ይዘጋዋል። አምና ዘግተውብን የለም? እስከ ማታ ባዶ ይሁን። አታንብቢ፣ ሰርዢ ብቻ። ሰርዝ፣ ሰርዝ፣ ሰርዝ።»

«ሪፖርት የተደረገ ሁሉ መጥፎ ነው ያለህ ማነው? ደላላ ስሙ ሲነሳ ልጆቹን ሰብስቦ ሪፖርት ያስጭናል። ያንን ሁሉ ልሰርዝለት? እንግዲያው ደሞዜን እሱ ይክፈለኝ።»

«ምላስሽ ነው የሚያጠፋሽ።»

«ምላሴ ነው የሚያኖረኝ» አልኩት። ሰዓቴን አየሁ፣ ሃምሳ ደቂቃ ሞልቷል፤ ተነሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «ወላሂ ይቺ ልጅ…» ሲል ሰማሁት። ይጨርሰው።

ውጭ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሱዚ ይዘላሉ፤ ላስቲኩን ሁለት እግር ላይ ወጥረው። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ እገባለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ሱዚ መዝለሌ መናኸሪያውን ሁሉ ያስቃል። ይሳቅ። ስዘል ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እግሬ ይወርዳል። ላስቲኩ ወገብ ላይ ሲደርስ ስለ ላስቲኩ ካልሆነ ስለ ሌላ ማሰብ አይቻልም።

ስጨርስ እናኑ ድንች ሰጠችኝ።

«ስንት?» አለችኝ።

«ሁለት።»

መጥፎ ስንት አየሽ ማለቷ ነው። ቁጥሩን እነግራታለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አልነግራትም፤ እሷም አትጠይቅም። አምስት ከደረሰ «ዛሬ ይበቃሻል» ትላለች፤ የቀረው ለነገ ያድራል።

*

ከቀትር በኋላ ጋሽ አበጋዝ መጡ። ጋሽ አበጋዝን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት እስላም ቤትም ይሁን ክርስቲያን ቤት መርዶ ከሚያረዱት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከጎረቤት ጋር ሆነው ይሄዳሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ አስቀምጠው ያረዳሉ። ስለዚህ ነው ግሩፑ ላይ የሞት ወሬ ሲመጣ ቤተሰቡ በስልክ እንዳያየው የምሰርዘውና ደብተሬን ለእሳቸው የማሳየው።

ከዘራቸውን በር ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ወለል ላይ የወደቀችዋ ቪዲዮ… የንግሥቴ ልጅ ናት አሉ።»

እትዬ ንግሥቴ ከላይ ሰፈር ገብስ የሚያርሱ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሰርካለም አንድ ልጃቸው ናት። ከእኔ ጋር እስከ ስድስተኛ ተምራለች፤ ሱዚ እንደሷ የሚዘል የለም። ሪያድ ከሄደች ዓመት ከስድስት ወሯ ነው።

«ማነው ያለው?»

«ሰው ነዋ። ሻሿ ቢጫ ነው፣ ስትሄድም ቢጫ ነበር ያሰረችው ይላሉ። ስልኳም ሁለት ወር ሙሉ ጠፍቷል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ልንነግራት ተነጋግረናል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም፣ ያረቢ፣ ያልሞተች ልጅ መርዶ መናገር ከባድ ነው። አንቺ አብረሻት ያደግሽ ነሽ። አንዴ ደህና አድርገሽ እይልን። እጇን፣ ቁመቷን። ነች ወይ አይደለችም በይን።»

«ጋሼ፣ አይቼዋለሁ። ፊቷ አይታይም። ነችም አይደለችምም ማለት አልችልም።»

«እንግዲያው ድገሚው።»

«አልደግመውም።»

አህመዲን ከሚጠግነው ስልክ ላይ ቀና አለ። «ፈርሂያ! ጋሽ አበጋዝን ነው እንዲህ የምትመልሺ?»

«ለማንም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ አላየውም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ያዙ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «የሰው ነፍስ ነው ልጄ። ብታይው ምን ትሆኛለሽ?»

«ምን እንደምሆን እዚያ ድንች የምትሸጠውን ይጠይቁ። እሷም የሰው ነፍስ ናት። ማንም ጎሕ ሲቀድ በሯን አላንኳኳላትም።»

ያልኩት ለራሴም ከበደኝ። ግን ቃሉ ከወጣ ወጣ ብዬ ወደ አህመዲን ዞርኩ።

«ካርቶኑ ሌላ ሰው ይየው ይላል። አንተ እይ። ሰርካለምን ታውቃታለህ፣ ፓስፖርት ፎቶዋን ያነሳሃት አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ሙሉ 'ቶሎ፣ ቶሎ' ስትል አንድ ቀን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል?»

«እኔ ሥራ አለብኝ።»

«እኔስ? ሽርሽር ላይ ነኝ?»

ጋሽ አበጋዝ አዩት። እሳቸው ሲያዩት እንቢ ማለት አይቻልም። ተነሣ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፣ እንደገና ከተለጠፉት አንዱን ከፈተ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ግድግዳው ላይ ያሉትን የስልክ ሽፋኖች ቆጠርኩ። ድምፁን ልዘጋለት ብዬ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ሰማሁ። አጭር ነው የሰማሁት። ዐሥር ሽፋን ሳልቆጥር ወንበሩ ተገፋ፣ አህመዲን በአጠገቤ ሮጦ ወጣ። ከውጭ ሲያስመልሰው ተሰማን።

ድምፁን እኔ ዘጋሁት፤ ስክሪኑን በደብተሬ ሸፍኜ።

አህመዲን ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሽ አበጋዝን ሳይሆን ካርቶኑን ነበር የሚያየው። «አላወቅኋትም» አለ። «ትሁን አትሁን… አላወቅኋትም ጋሼ።»

«እንግዲያው እንደተባለው ነገ እንሄዳለን» አሉ ሽማግሌው። «ሌላ ምን አለ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ። እስከ ማታ ይጠብቁኝ። ሰልፉ ላይ ሰማንያ ቀርቷል። ከመካከሉ ስለ እሷ የተጻፈ ካለ አገኘዋለሁ። ግን በእኔ መንገድ ነው የማደርገው።»

«በምን መንገድ?»

«አሁን ሰዓቴ ስለሞላ ሱዚ ልዘል ነው።»

*

ጋሽ አበጋዝ ከሱቁ ደጃፍ ቆመው አዩኝ። እትዬ ንግሥቴ መርዶ ሊነገራቸው፣ እኔ ላስቲክ ላይ። አንዲት መንገደኛ «ኧረ በአላህ፣ ይቺ ልጅ አብዳለች» አለች። ያ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ላስቲኩ ጉልበት ላይ ነበረ፤ ሦስቴ ጠለፈኝ። «ጨምሩት» አልኳቸው። ወገብ ላይ አደረጉት። ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ። በአራተኛው አለፍኩት።

እናኑ «ስንት?» አለች።

«ሦስት። አንዱ በጆሮ ነው።»

ድንቹን ትታ ብድግ አለች። «በጆሮ የከፋ ነው» አለችና እጄን ያዘችኝ። «የቀረውን ፎቶ ዛሬ ተይው። ጽሑፍ ጽሑፉን ብቻ አንብቢ። ፎቶውን አህመዲን ይየው፣ አሁን ለምዷል።» ሁለታችንም ሳቅን። መሳቃችን ነውር ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን ሳቅን።

ገባሁ። ሰልፉ ብዙ ሪፖርት ያለበትን ነው ከላይ የሚያመጣው፤ ከታች ያሉት ማንም የማይደርስባቸው ናቸው። ከታች ጀመርኩ። ጽሑፍ ብቻ። አንዱ ከአጎቱ ጋር በመሬት ተጣልቶ ግሩፑ ላይ ሰድቦታል፤ ሰረዝኩ። አንዷ ሽቶ ትሸጣለች፤ ማን ጠልቷት ነው ሪፖርት ያደረጋት? ተውኩላት። አንዱ የሰው ሃይማኖት አንኳሷል፤ ሰረዝኩ፣ አባረርኩም። እንዲህ እያልኩ ሃያ ዘጠኝ አለፍኩ።

ሠላሳኛው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ይሄን ነገር የጻፈው ራሱ እንኳ ተመልሶ አያነበውም። የለጠፈችው «ዘሀራ ዓሊ» ትባላለች፣ ፎቶ የላትም። አንድ ጽሑፍ አራቴ ደጋግማ ለጥፋዋለች፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው «ውሸታም ናት» ብሎ ሪፖርት አድርጓታል። አህመዲን እንዳለው ብሆን ሰርዝ፣ ሰርዝ፣ ሰርዝ፣ ሰርዝ፤ አራት ሰከንድ። ጠዋት ሃምሳ ደቂቃዬን አልፌ ብሠራም ኖሮ እንደዚያው ነበር የማደርገው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አሁን ግን ዓይኔ አርፏል። በጣቴ እየተከተልኩ እንደ አንደኛ ክፍል ፊደል በፊደል አነበብኩት።

«እባካችሁ የመካነ ሰላም ሰዎች። ስልኩ የሰው ነው፣ አማርኛ አይጽፍም። ከቤቱ ወጥቻለሁ፣ መጠለያ ነኝ። ቀኑ ሳያልቅ መውጫ ወረቀት ይሰጡናል፣ ግን ፓስፖርቴ ላይ ያለው ስም የእኔ ስም አይደለም፣ ገበየሁ ደላላው ነው ያወጣልኝ። እውነተኛ ስሜን የሚያሳይ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ላኩልኝ። የእናቴ ስልክ አይሠራም። ከላይ ሰፈር ናት። ንግሥቴ።»

የተለጠፈው የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው። ቪዲዮው ከወጣ ሁለት ቀን በኋላ።

አገራችን ክርስቲያኗም ሳዑዲ ስትሄድ የእስላም ስም ታወጣለች፤ ቪዛው በዚያ ይቀላል ይሏታል። ይሄን የማያውቅ የለም፤ ግን ማንም ዘሀራን ሰርካለም ብሎ አልፈለጋትም። እኔም ጭምር። አሥራ ዘጠኙን ሪፖርት ያደረጉትን ስሞች ማየት አልችልም፣ ፌስቡክ ይደብቃቸዋል። የደላላውን ስም ያልወደዱት እነማን እንደሆኑ ግን ለመገመት ስድስተኛ ክፍልም አያስፈልግም።

«አህመዲን!» አልኩ። «ኢሞ ክፈት!»

የኢሞ ቁጥራችንን ጽፈን በፌስቡክ መልእክት ላክንላት። ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል። አህመዲን ስልኩን ይዞ ቆርቆሮው ሥር፣ ደጃፉ ላይ፣ መንገዱ ላይ ዞረ። መጨረሻ እናኑ ድንች ጎን ቆሞ ያዘለት። ስልኩ ጮኸ። ድምፁ የተቆራረጠ ነው፤ መጀመሪያ የተናገረችው ግን ይሰማል።

«ማነው?»

«ፈርሂያ ነኝ። ሰርካለም ከሆንሽ በሱዚ ያሸነፍኩሽን ቀን ንገሪኝ።»

«ምን ቀን? አሸንፈሽኝ አታውቂም!»

የጋሽ አበጋዝ ከዘራ ወደቀ። አላነሱትም። «አልሐምዱሊላህ» አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ።

*

መታወቂያውን ከእትዬ ንግሥቴ ሳጥን ያወጡት ጋሽ አበጋዝ ራሳቸው ናቸው፤ ጎሕ እስኪቀድ አልጠበቁም። እትዬ ንግሥቴ ሽማግሌው በራቸው ላይ ሲቆሙ እሪ ብለው ሊያለቅሱ ነበር አሉ፤ እሳቸው ከሩቅ «አብሽሪ፣ አብሽሪ! ደህና ናት!» እያሉ ገቡ። አህመዲን ፎቶውን አንስቶ ላከው። ገና ወረቀቱን አላገኘችም፤ ዘጠኝ ቀን አላት። ይደርሳል ኢንሻአላህ።

ጽሑፏን አልሰረዝኩትም። እንዲያውም በፊደላችን ገልብጬ፣ የገበየሁን ስም ሳልነካ፣ ከግሩፑ አናት ላይ ሰቀልኩት። በሩብ ሰዓት ሠላሳ አንድ ሪፖርት መጣበት። ሁሉንም አነበብኩ፣ ሁሉንም ተውኩ። ይምጡ። ሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ እየሠራሁ አይጨርሱኝም።

ያቺ ቢጫ ሻሽ ያሰረችውስ? የሰው ልጅ ናት። ሰርካለም አልሆነችም እንጂ አንድ ሰፈር፣ አንድ በር አላት። ስሟ ደብተሬ ላይ የለም፤ ቀኑና ሪያድ የሚለው ብቻ ነው ያለው። ሪያድ ያለው ሰዋችን እየጠየቀ ነው። ሲያውቅ ለሽማግሌዎች እነግራለሁ፤ ሽማግሌዎቹም በሰዓታቸው ያንኳኳሉ። እስከዚያ ሁለተኛ ባየኋት ለእሷ የምጨምርላት ነገር የለም። ከእኔ ላይ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ስዘጋ አህመዲን «ስንት ቀረ?» አለ።

«አርባ ሦስት።»

አፉን ከፈተ። ቶሎ የሚለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር፣ አየሁት። ከዚያ ካርቶኑን አየና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ሂጂ» አለ። «ድምፁ በየት በኩል ነው የሚዘጋው?»

አሳየሁት። ስክሪኑን እንዴት እንደሚያደበዝዝም አሳየሁት። ሰዓቱንም አስሞላሁት፤ ሃምሳ ደቂቃ።

«ሲጮህ ትወጣለህ» አልኩት።

«ወጥቼ ምን ላድርግ?»

ላስቲኩ ውጭ ተወጥሯል፤ ልጆቹ ተራዬን ይዘውልኛል። ሱሪውን አየሁት፣ ቦርጩን አየሁት።

«ለአንተ ከቁርጭምጭሚት እንጀምራለን» አልኩትና ወጣሁ።